በፕሮፎርማ ዕቃ ማስለቀቅ ይቻላል?

«ዕቃዬ ወደብ ደርሷል፣ በእጄ ያለው ፕሮፎርማ ብቻ ነው። በሱ ጉምሩክ ላስፈታ? ታክስ ኢንቮይስስ ከማን ነው የምቀበለው?»

በፕሮፎርማው አይሞክሩ። ፕሮፎርማ ከሽያጩ በፊት የሚሰጥ የዋጋ ማቅረቢያ ነው፤ የሚጠቅመው የባንክ ፈቃድ ለመጠየቅና ኤልሲ ለማስከፈት ነው። ቀረጥ የሚሰላው ዕቃው ሲጫን በሚወጣው ኮሜርሻል ኢንቮይስ ላይ ነው፤ እሱን ዛሬውኑ ከሻጩ ይጠይቁ።

ሲደርስዎ ብዛቱን ከፓኪንግ ሊስቱና ከማጓጓዣ ሰነዱ ጋር ያስተያዩ። ፕሮፎርማው 500 ካርቶን ብሎ የተጫነው 480 ከሆነ፣ ኮሜርሻሉ 480 እና የ480ውን ዋጋ ብቻ ማሳየት አለበት። አንዳንድ ሻጮች ፕሮፎርማውን ርዕሱን ብቻ ቀይረው ይልካሉ። ያኔ ላልመጣ 20 ካርቶን ቀረጥ ይጠየቃሉ፣ ወይም ሰነዶቹ አልተስማሙም ተብሎ ዕቃው ይያዛል፤ የመጋዘን ኪራዩም ይቆጥራል።

ታክስ ኢንቮይስ ሌላ ነገር ነው። ለቫት የተመዘገበ ሻጭ ለአገር ውስጥ ሽያጭ የሚቆርጠው ስለሆነ፣ ከውጭ ሻጭዎ አይጠብቁ። በአብዛኛው አገር በማስገቢያ የከፈሉት ቫት የሚቀናነሰው በጉምሩክ ዲክላራሲዮኑና በክፍያ ደረሰኙ ነው። ዕቃውን አገር ውስጥ ሲሸጡ ግን ታክስ ኢንቮይስ ቆራጩ እርስዎ ነዎት።

አንድ ጥንቃቄ፦ በኤልሲ ከሆነ የከፈሉት፣ በኮሜርሻሉ ላይ ያለው የዕቃ መግለጫ ከኤልሲው ጋር መግጠም አለበት። ኤልሲው «የጥጥ ጨርቅ» ብሎ ኢንቮይሱ «ጨርቃ ጨርቅ» ካለ ባንኩ ሰነዱን ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ ሻጩ ዋናውን ከማተሙ በፊት ረቂቁን እንዲልክልዎ ያድርጉ።