መንጋው ያስገዛል፣ ኪሳራው ያስይዛል

ጥያቄ፦ «ስለ ገበያ አረፋ አጭር ጽሑፍ እንድናቀርብ ታዘናል። ሌላውን ተከትሎ መግዛትንና ኪሳራን መፍራትን እንዴት አያይዤ ላስረዳ? መምህራችን “ሁለቱን ዝም ብለሽ አትደርድሪ” ብለውኛል።»

እህቴ፣ መምህርሽ ልክ ናቸው። ሁለቱ የሚሠሩት በተለያየ ጊዜ ነው። መከተል አረፋውን፣ ማለትም ከሚገባው በላይ ያበጠውን ዋጋ፣ ይነፋዋል፤ ኪሳራን መፍራት፣ በትክክል ስንለው ኪሳራን የምንመዝንበት መንገድ፣ ደግሞ ዋጋው ከወረደ በኋላ ሰውን ከነአክሲዮኑ ያስቀረዋል። ጽሑፍሽን በአንድ አረፋ ላይ ብቻ ብትመሠርቺው ይሻላል፤ እኔ የምመርጥልሽ የአሜሪካን የኢንተርኔት ኩባንያዎች አረፋ ነው። የእነዚህ ኩባንያዎች አክሲዮን በብዛት ያለበት የናስዳቅ ገበያ የዋጋ መለኪያ እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2000 በ5,048 ዘጋ፤ ኦክቶበር 9 ቀን 2002 ወደ 1,114 ወርዶ ነበር። 78 በመቶ ገደማ ጠፋ ማለት ነው። ቁልቁል ለመውረድ ሁለት ዓመት ተኩል መፍጀቱን ያዢልኝ።

መከተልን «ሰው ስሜታዊ ስለሆነ ነው» ብለሽ አትለፊው። ተመራማሪዎቹ ቢክቻንዳኒ፣ ሂርሽሌይፈርና ዌልች እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳዩት አስቦ የሚወስን ሰውም መንጋውን ሊከተል እንደሚችል ነው። እንዲህ አድርገሽ አስረጂው። አንድ አክሲዮን ጥሩ ይሁን መጥፎ አይታወቅም። እያንዳንዱ ሰው የየራሱ መረጃ አለው፤ መረጃው ከሦስት ሁለቴ ልክ ይሆናል። ሁሉም በተራ ይወስናሉ፤ የቀደማቸው ሰው ምን እንደወሰነ ያያሉ እንጂ ምን እንደሰማ አያውቁም። አንደኛው ጥሩ ነገር ሰምቶ ገዛ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው የሰማው መጥፎ ነው፤ ነገር ግን ከፊቱ ሁለት ጥሩ፣ በእጁ አንድ መጥፎ ስላለ ይገዛል። አራተኛው ሦስት ገዢ ይቆጥራል፤ የሦስተኛው ግዢ ግን ምንም አይነግረውም፣ ምክንያቱም ያ ሰው የሰማው ምንም ቢሆን መግዛቱ አይቀርም ነበር። ከዚያ በኋላ ሺህ ሰው ቢሰለፍም ገበያው ውስጥ ያለው እውቀት የሁለት ሰው ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰልፍ በትንሽ ወሬ የሚበተነውም ለዚህ ነው።

እዚህ ጋ ጠንቃቃ አንባቢ ይይዝሻል፦ በዚህ ሞዴል ዋጋው አይንቀሳቀስም። እውነተኛ ገበያ ላይ እያንዳንዱ ግዢ ዋጋውን ስለሚያንረው ሦስተኛው ሰው «ተወደደ» ብሎ ሊተወው ይችላል። ስለዚህ የሰው ገንዘብ የሚያስተዳድሩትን ጨምሪበት። የፈንድ ሥራ አስኪያጅ ከሁሉም ጋር ቢሳሳት ይቅር ይባላል፤ ብቻውን ቢሳሳት ግን ደንበኞቹ ይሸሹታል። ዋጋው እብደት መሆኑን እያወቀም ቢገዛ ለራሱ ያዋጣዋል።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ካህነማንና ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት ጥናት ኪሳራ ከእኩል ትርፍ 2.25 እጥፍ ገደማ ይከብዳል። አብዛኛው ተማሪ ይህንን ቁጥር ይጠቅስና «ስለዚህ ሰው የወረደ አክሲዮን አይሸጥም» ይላል። ስህተቱ እዚህ ነው። በ100 ዶላር የገዛሽው አክሲዮን 60 ደረሰ እንበል። ብትሸጪ 40 መክሰርሽ እርግጥ ነው። ብትይዢው እኩል ዕድል አለው፦ ወይ ወደ 100 ይመለሳል፣ ወይ 20 ይገባል። በአማካይ ሁለቱም ያው ናቸው። በእነሱ ቀመር ኪሳራው 0.88 ኃይል ላይ ከፍ ይልና በ2.25 ይባዛል፦

```
ብትሸጪ፦   -2.25 × 40^0.88       = -57.8
ብትይዢ፦  -2.25 × 80^0.88 × 0.5 = -53.2
```

መያዝ ያነሰ ያምማል። ግን አስተውዪ፤ 2.25 በሁለቱም መስመር ስላለ ምርጫውን አይለውጥም። ሰውን የሚያስይዘው 0.88 ነው፣ ማለትም ሁለተኛው 40 ዶላር ከመጀመሪያው ያነሰ ማመሙ። 2.25 የሚሠራው ትርፍና ኪሳራ በአንድ ምርጫ ሲቀላቀሉ ነው፤ 100 ለማግኘት 100 በሚያስይዝ የሳንቲም ዕጣ የማንገባው ለዚህ ነው። ትርፍና ኪሳራው የሚለካው ደግሞ ከሆነ መነሻ ዋጋ ስለሆነ መነሻሽን በግልጽ ጻፊ፦ እዚህ የተገዛበት 100 ነው።

ያንን ሁለት ዓመት ተኩል አሁን አምጪው፤ ግን በልክ። የያዘው ሰው አለመሸጡ ውድቀቱን ሊያዘገየው ይችላል እንጂ አያስቀረውም፤ ለርዝመቱም ብቸኛው ምክንያት ነው ብለሽ አትጻፊ።

የመያዙን ዝንባሌ በቁጥር ለማስደገፍ የተመራማሪውን የኦዲንን የእ.ኤ.አ. 1998 ጥናት ተጠቀሚ። በአንድ ደላላ ድርጅት 10,000 የግል ሂሳቦች ውስጥ ሰዎች ካተረፉባቸው አክሲዮኖች 14.8 በመቶውን ሲሸጡ፣ ከከሰሩባቸው ግን 9.8 በመቶውን ብቻ ሸጠዋል። በዲሴምበር ግን የግብር ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ኪሳራን ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ ለማስቀነስ ስለሚሸጡ ነገሩ ይገለበጣል። ጥናቱ ከ1987 እስከ 1993 ያለውን የሚሸፍን ስለሆነ ለባህርዩ ማስረጃ አድርጊው እንጂ በቀጥታ ለናስዳቅ አረፋ አታውዪው፤ በግል ሂሳቦች የታየውንም ወደ ትልልቅ ፈንዶች አታሻግሪው።