ለውጭ አገር ሥራ ወረቀት ሲዘጋጅ፦ ደረሰኝ የሌለው ወጪ

"የፓስፖርቱንና የምርመራውን ክፍያ ይዤ ተነሳሁ። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ገንዘቤ አለቀ። ምኑን ሳልቆጥር ቀረሁ?"

እህቴ፣ ምልልሱን ይመስለኛል። ቢሮው የሚቀበልሽ ክፍያ የታወቀ ነው፤ ጠይቀሽ ትይዢዋለሽ። ኪስ የሚያራግፈው ደረሰኝ የማይቆረጥለት ነው።

ሂሳቡን በቀን ገቢሽ ስሪው። አንድ ምልልስ ማለት የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ ምግብ፣ ካደርሽም አልጋ ነው። ከሥራ የቀረሽበት ቀንም አለ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ትራንስፖርቱ የአንድ ቀን ገቢሽን፣ ምግቡ የግማሽ ቀን ቢወስድ፣ የቀረሽበት ቀን ሲጨመር አንዱ ምልልስ የሁለት ቀን ተኩል ገቢሽን ይበላል።

አሁን ምልልሱን ቁጠሪ። ለፓስፖርት አሻራ ለመስጠትና ደብተሩን ለመውሰድ ሁለት ጊዜ። ለወንጀል ነጻ ማስረጃ ሁለት። ለጤና ምርመራና ለውጤቱ ሁለት። የትምህርት ማስረጃ ለማረጋገጥ ሁለት። ስምንት ሆነ፤ የ20 ቀን ገቢ ማለት ነው። ትራንስፖርቱን ብቻ ያሰበ ሰው ግን የ8 ቀኑን ይዞ ይነሳል። የጎደለሽ ቀሪው የ12 ቀኑ ነው።

በዚህ ላይ "ስሙ አይገጥምም፣ አስተካክለሽ ነይ" አለ። የመታወቂያው፣ የልደት ማስረጃውና የትምህርት ማስረጃው ስም በአንድ ፊደል ከተለያየ ማረሚያው ቢያንስ ሁለት ምልልስ ይጨምራል። ስለዚህ ከቤት ሳትወጪ ሦስቱንም ጠረጴዛ ላይ ደርድሪና ስምሽን፣ የአባትሽን፣ የአያትሽን ስምና የልደት ቀንሽን ፊደል በፊደል አስተያዪ። ማታ ግማሽ ሰዓት ቢወስድብሽ ነው። የቀጠሮ ቀኖችንም አገጣጥሚ። የምርመራ ውጤትና ፓስፖርት በአንድ ቀን ከተወሰዱ አንድ ምልልስ ተረፈ።

"ፎቶ ሦስት ጊዜ ተነሳሁ። ለምንድነው የሚመልሱብኝ?"

መጠኑን ሳትጠይቅ ተነስተህ ይሆናል። ብዙ አገር የሚጠቀምበት 35 በ45 ሚሊሜትር ነው። አንዳንዱ ግን 51 በ51 ይፈልጋል። የጀርባውን ቀለም፣ መነጽር መፈቀዱን፣ ፎቶው ስንት ወር ሊቆይ እንደሚችል ከቪዛ ማመልከቻው መመሪያ ላይ አንብብና ለፎቶ ቤቱ አሳየው። ፋይሉንም በስልክህ ተቀበል፤ ሌላ መጠን ሲጠየቅ እንደገና አትነሳም። ፓስፖርት ቢሮው ራሱ ፎቶ የሚያነሳ ከሆነ ለእሱ አታውጣ።

"የወንጀል ነጻ ማስረጃዬ ቪዛው ሳይደርስ ጊዜው አለፈበት። እንደገና ልከፍል ነው?"

አዎ፣ ወንድሜ። ክፍያውም ምልልሱም ይደገማል። ቅደም ተከተሉ ገንዘብ ነው የምለው ለዚህ ነው። ፓስፖርትና የትምህርት ማስረጃ ቶሎ አይበላሹም፤ እነሱ ይቅደሙ። የወንጀል ነጻና የጤና ማስረጃ ግን ተቀባዩ አገር የሚያምናቸው ለጥቂት ወራት ነው። የሥራ ውሉ እጅህ ሳይገባ አታውጣቸው።

ፓስፖርቱ ላይም አንድ ነገር እይ። ብዙ አገሮች ስትገባ ቢያንስ ስድስት ወር እንዲቀረው ይፈልጋሉ። ውልህ የሁለት ዓመት ከሆነና ፓስፖርትህ አንድ ዓመት ብቻ የቀረው ከሆነ ዕድሳቱን ከአሁኑ ሂሳብ ውስጥ አስገባ። እዚያ ሆኖ ማደስ ከአሠሪ ፈቃድ መጠየቅና ኤምባሲ መመላለስ አለው።

"ልጄን የሚልከው ኤጀንሲ አንድ ጠቅላላ ሂሳብ ጠርቶ 'ሁሉንም ያካትታል' አለኝ። ብዙ ነው? ትንሽ ነው?"

አባቴ፣ ሳይዘረዘር ማወቅ አይቻልም። መጀመሪያ ሰውየው ማን እንደሆነ ይለዩ። ጉዳይ አስፈጻሚ ከሆነ የሚሸጥልዎ ምልልስ ነው። ስለዚህ በምልልስ ይመዝኑት። ሦስት ምልልስ ቢያስቀር፣ ከላይ ባሰላነው፣ የሰባት ቀን ተኩል ገቢ አተረፈ። የ15 ቀን ከጠየቀ አያዋጣም። አሻራና የጤና ምርመራ ደግሞ ልጅዎ ራሷ ካልሄደች አይሆንም፤ በነሱ ስም መጠየቅ የለበትም።

ሥራ አገናኝ ኤጀንሲ ከሆነ ነገሩ ይለያል። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1997 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ስምምነት ቁጥር 181፣ አንቀጽ 7፣ ኤጀንሲ ከሠራተኛ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይቀበል በመርህ ደረጃ ተደንግጓል። መንግሥታት ለተወሰኑ ሠራተኞች የተለየ ፈቃድ ሊሰጡ ይችላሉ። ስለዚህ የአገሩ ሕግ የትኛውን ወጪ በአሠሪው፣ የትኛውን በሠራተኛዋ ላይ እንደጣለ ከሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ይጠይቁ። ቪዛና የአውሮፕላን ቲኬት ብዙ ጊዜ የአሠሪው ናቸው። እነዚህ ከልጅዎ ሂሳብ ውስጥ ከተገኙ "ለምን?" ይበሉ።

ዝርዝሩን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ለያንዳንዱም ደረሰኝ ይጠይቁ። "ለኮሚሽን" ወይም "ለማስኬጃ" የሚል መስመር ካለ ምን እንደሆነ ካላስረዳ አይክፈሉ። ፓስፖርቷን የሚረከብ ከሆነ የተረከበበትን ቀን ጽፎ ይፈርም። ገንዘቡን የሚበደሩ ከሆነም ወለዱን ይደምሩና ድምሩን ውሉ ላይ ላለው የመጀመሪያ ወር ደመወዝ ያካፍሉት። አራት ከወጣ፣ ልጅዎ አራት ወር የምትሠራው ለወረቀቱ ነው።