ሴራሚኩ ከመሰበሩ በፊት፦ ግድግዳ ውስጥ ስለሚያፈስ የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ

«የውሃ ፍጆታችን በወር አንድ ሜትር ኩብ ያህል ጨምሯል። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አላየሁም። ከሻወሩ ጀርባ ያለው የመኝታ ቤት ግድግዳ ግን ቀለሙ እየተነፋ ነው። ቆጣሪው ላይ ምን ልይ?»

ማታ ሁሉም ሰው ውሃ ተጠቅሞ ሲጨርስ ቧንቧዎቹን በሙሉ ይዝጉ። የልብስ ማጠቢያ ማሽንም መሥራት የለበትም። ከዚያ የቆጣሪውን ቁጥር እስከ መጨረሻው ይጻፉ። ብዙ ቆጣሪዎች ላይ ጥቁሮቹ ቁጥሮች ሜትር ኩብ ናቸው። ቀዮቹ ደግሞ ከአንድ ሜትር ኩብ በታች ያለውን፣ ማለትም ሊትሩን ያሳያሉ። እርስዎ የሚፈልጉት ቀዮቹን ነው። ሁለት ሰዓት ጠብቀው እንደገና ያንብቡ።

3 ሊትር ቢጨምር በሰዓት 1.5 ሊትር፣ በቀን 36 ሊትር፣ በወር ደግሞ 1,080 ሊትር ይሆናል ማለት ነው። ይህ ካዩት ጭማሪ ጋር ይገጥማል። የሚጠፋው ውሃ መኖሩን በዚህ አረጋገጡ፤ ቦታውን ግን ገና አላወቁም።

መጀመሪያ የሽንት ቤቱን መቀመጫ ይጠርጥሩ። ብዙ ጊዜ ድምፅ ሳያሰማ የሚያፈሰው እሱ ነው። ወደ መቀመጫው የሚገባውን ውሃ ይዝጉና ሁለቱን ሰዓት ይድገሙ። ቆጣሪው ከቆመ የሚጠፋው ውሃ በዚያ በኩል ነበር። ውሃ መያዣው ውስጥ የምግብ ቀለም ጠብ አድርገው ሳይለቁት ግማሽ ሰዓት ቢጠብቁ፣ ቀለሙ ወደ መቀመጫው ወርዶ ያዩታል።

መቀመጫው ተዘግቶም ያው 3 ሊትር ከጨመረ፣ ቀጥሎ ቤቱ ውስጥ ያለውን ዋና ቫልቭ ይዝጉ። ያኔም ቆጣሪው ከዞረ፣ ቫልቩ ደህና የሚዘጋ እስከሆነ ድረስ፣ ችግሩ ከቆጣሪው እስከ ቤቱ ባለው መሬት ውስጥ ነው። ከቆመ ግን ቤት ውስጥ ነው። አሁን ዋናውን ይክፈቱና ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ይዝጉ። እንዲህ ሲያደርጉ የሙቅ ውሃው መስመር በሙሉ ግፊት ያጣል። ቆጣሪው በዚህ ጊዜ ከቆመ የሚያፈሰው የሙቁ መስመር ነው። ቦይለሩ ራሱ ከሥሩ እንደማያንጠባጥብ ካዩ፣ የቀረዎት ከቦይለሩ እስከ ሻወሩ ያለው ቧንቧ ነው። ግድግዳውን በእጅ ነክቶ ሙቀት መፈለግ ግን አያስተማምንም። ይህን ያህል ትንሽ ውሃ ግድግዳው ውስጥ ቶሎ ይቀዘቅዛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጣሪያ ላይ ታንከር ካለ ቆጣሪው የሚያሳየው ታንከሩ ሲሞላ ነው እንጂ ቤት ውስጥ የሚሆነውን አይደለም። እንዲያ ከሆነ የታንከሩን መሙያ ይዝጉና የውሃው ልክ ላይ ምልክት አድርገው ጠዋት ይዩ።

«ቆጣሪው ሌሊቱን ሙሉ ንቅንቅ አላለም። ግድግዳው ግን እርጥብ ነው። ታዲያ ከየት መጣ?»

ቆጣሪው የሚያውቀው ሁልጊዜ ግፊት ያለበትን ቧንቧ ብቻ ነው። ሻወር ቤት ውስጥ ደግሞ ብዙዎች የሚረሱት አንድ ቧንቧ አለ፤ ከመክፈቻው ተነስቶ ግድግዳ ውስጥ ሽቅብ እስከ ሻወሩ ራስ የሚሄደው። እሱ ውሃ የሚያገኘው ሻወሩ ሲከፈት ብቻ ነው። ስለዚህ ተሰንጥቆ እንኳ ቢሆን፣ ሻወሩ ተዘግቶ የሚደረግ የቆጣሪ ፍተሻ አያገኘውም።

መፍትሔው ቀላል ነው። የሻወሩን ራስ ይፍቱና ጫፉን በቡሽ አጥብቀው ይድፈኑት። ከዚያ መክፈቻውን ይክፈቱ። አሁን ቧንቧው ግፊት አገኘ፤ ወለሉና ሴራሚኩ ግን ደረቅ እንደሆኑ ናቸው። ቆጣሪውን አንድ ሰዓት ይከታተሉ። ከዞረ ሌባውን ያዙት።

ካልዞረ ወደ ፍሳሹና ወደ ሴራሚኩ ይሂዱ። ግን አንድ በአንድ። መጀመሪያ ሻወሩን ጥቂት ቀን ሳይጠቀሙ ይተዉትና ግድግዳው መጠንፈፍ መጀመሩን ይዩ። ከዚያ በባልዲ ውሃ ግድግዳውንና ወለሉን ሳይነኩ በቀጥታ ወደ ፍሳሽ ጉድጓዱ ያፍስሱ። በማግስቱ እርጥበቱ ከተመለሰ የፍሳሽ ቧንቧው ነው። ካልተመለሰ የፍሳሹን አፍ ደፍነው ወለሉ ላይ ጥቂት ውሃ ያስቀምጡ፤ ይህ የወለሉን መጋጠሚያ ይፈትናል። መጨረሻ ላይ ብቻ ግድግዳው ላይ ውሃ ይርጩ፤ ከታች ጀምረው ወደ ላይ። ሁሉንም በአንድ ቀን ካደረጉ እርጥበቱ የየትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም።

በሌላ በኩል፣ ቆጣሪ በጣም ትንሽ ፍሰትን ሳይቆጥር ሊያሳልፍ ይችላል። ስለዚህ አለመዞሩ ብቻውን ቧንቧውን ነፃ አያወጣውም።

«ሻጋታው የሻወር እንፋሎት ያመጣው እንዳይሆን ፈርቻለሁ። እንዴት ልለየው?»

እርጥብ የሚመስለውን ቦታ ፊቱን በጨርቅ ያድርቁና አንድ ቁራጭ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አሽገው ይለጥፉ። ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይተዉት። ውሃው በክፍሉ በኩል፣ ላስቲኩ ላይ ከታየ እንፋሎት ነው። ከላስቲኩ ሥር፣ በግድግዳው በኩል ከታየ ግን ከውስጥ እየመጣ ነው። ቦታውም ይናገራል። የእንፋሎት ሻጋታ ኮርኒስ ሥርና ቀዝቃዛ ማዕዘን ይወዳል። የቧንቧ እርጥበት ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ተጠናክሮ ወደ ዳር ይሳሳል፤ ዳሩ ላይ ነጭ ጨው መሰል ዱቄት ይተዋል።

«የእርጥበት መለኪያ ገዛሁ። አንዱ ጋ 18፣ ሌላው ጋ 40 ይላል። ሴራሚኩ ላይ ደግሞ ምንም አያሳይም። ቁጥሩን ልመነው?»

ብዙዎቹ ባለ ሁለት መርፌ መለኪያዎች የተሠሩት ለእንጨት ነው። ልስን ላይ 40 ሲል ግድግዳው 40 በመቶ ውሃ ነው ማለት አይደለም። ከሌላው ቦታ የበለጠ እርጥብ ነው ማለት ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ደረቅ መሆኑን የሚያውቁትን ተመሳሳይ ግድግዳ ይለኩና መነሻ ያድርጉት። መርፌው ሴራሚክ አይበሳም፤ ከጀርባ፣ በመኝታ ቤቱ በኩል ይለኩ።

በየ20 ሴንቲ ሜትሩ በእርሳስ ነጥብ አድርገው ቁጥሩን ግድግዳው ላይ ይጻፉ። ሲጨርሱ ቅርጹ ይታይዎታል። ከወለሉ ተነስቶ ወደ ላይ እየቀነሰ የሚሄድ ከሆነ ወለሉንና ፍሳሹን ያስቡ። ግድግዳው መሐል፣ ቧንቧው በሚያልፍበት ከፍታ ላይ ከፍ ብሎ ወደ ታች የሚሰፋ ከሆነ የውሃ ቧንቧው ነው። ውሃ በቧንቧው ላይ ተንሸራቶ ስለሚወርድ ቀዳዳው ከከፍተኛው ቁጥር ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል።

መለኪያውን የሚያታልሉት ሁለት ነገሮች አሉ። የደረቀ አሮጌ እርጥበት የተወው ጨው ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ግድግዳ ውስጥ ያለ ብረትም እንዲሁ፣ በተለይ መርፌ በሌላቸው መለኪያዎች ላይ። ጥርጣሬ ካለዎት ውሃውን ዘግተው ከጥቂት ቀን በኋላ እነዚያኑ ነጥቦች ይለኩ። የወረደው ቁጥር ሕያው እርጥበት ነበር፤ ያልተነቃነቀው ጨው ወይም ብረት ሊሆን ይችላል። እርጥቡ ቦታ አጠገብ ሶኬት ካለ ግን መለካት ከመጀመርዎ በፊት መብራቱን ከቆጣሪው ያጥፉ።

«ቧንቧ ሠራተኛው ‹ሴራሚኩን በሙሉ እናንሳው› ይላል። እሺ ልበል?»

ገና ነው። መጀመሪያ መስመሩን በፓምፕ ግፊት እንዲፈትነው ይጠይቁ። ሙቁና ቀዝቃዛው ለየብቻ ተዘግተው ይሞላሉ፤ የአንዱ ጌጅ ከወረደ የሚያፈሰው እሱ ነው። ከዚያ በመኝታ ቤቱ በኩል፣ ግድግዳው ላይ የጻፏቸው የመለኪያ ቁጥሮች ባሳዩት ቦታ ላይ ልስኑን በትንሹ ይክፈት። ልስን ከሴራሚክ በጣም ቀሎ ይጠገናል።

ከጥገናው በኋላ ቀዳዳውን ወዲያው አያስደፍኑት። የሁለት ሰዓቱን የቆጣሪ ፍተሻ ይድገሙ። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ግድግዳው ክፍት ሆኖ ይድረቅ። ይህ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ቀለም የሚቀባው ነጥቦቹ ወደ ደረቁ ግድግዳ ቁጥር ሲጠጉ ነው።