በተጨናነቀ አዳራሽ ለሚሰጥ ፈተና እኩል ክብደት ያላቸው ኮዶች ስለማዘጋጀት

ጥያቄ፦ «ሰላም መምህራን። በምሥራቅ ጎጃም በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ10ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ለማጠቃለያ ፈተና 240 ተማሪ በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት እየሆነ ይቀመጣል። መኮራረጁን ለመቀነስ በኮድ ለመፈተን አስቤያለሁ፤ ነገር ግን አንዱ ኮድ ቀሎ ሌላው ከብዶ ተማሪ እንዳልበድል ሰጋሁ። እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ?»

ሰላም መምህር። እኔም በምዕራብ ጎጃም በፍኖተ ሰላም አካባቢ ይህንኑ ትምህርት ሳስተምር የቆየሁ ስለሆነ፣ በሥራ የፈተንኩትን አካፍልዎታለሁ። አራት ኮድ ያስፈልግዎታል፤ አራት የተለያዩ ፈተናዎችን ማውጣት ግን አይጠበቅብዎትም። ሁለት የጥያቄ ስብስብ አዘጋጅተው እያንዳንዱን በሁለት ዓይነት ቅደም ተከተል ቢያባዙ በቂ ነው።

አራት የሚያስፈልግበት ምክንያት ከአቀማመጡ ይመጣል። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎችና ከኋላቸው ያሉት ሁለቱ፣ አራቱም እርስ በርስ ጎረቤት ስለሆኑ፣ በሦስት ኮድ ብቻ ከተፈተኑ ቢያንስ ሁለቱ አንድ ዓይነት ወረቀት መያዛቸው አይቀርም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ስብስብ ኮድ 1 እና ኮድ 3፣ ሁለተኛውን ስብስብ ደግሞ ኮድ 2 እና ኮድ 4 ይበሏቸውና፣ በፊተኛው ረድፍ 1፣ 2፣ 1፣ 2 እያሉ፣ በሚቀጥለው ረድፍ 4፣ 3፣ 4፣ 3 እያሉ ያድሉ፤ ሦስተኛው ረድፍ እንደገና እንደ መጀመሪያው ይሆናል። በዚህ መንገድ ከጎኑም ሆነ ከፊቱ ያለውን የሚያይ ተማሪ የሚያገኘው የሌላውን ስብስብ ጥያቄ ነው። ተመሳሳይ ጥያቄ የያዘው በሰያፍ የተቀመጠው ብቻ ሲሆን፣ የእርሱም ቅደም ተከተል የተለየ ነው። እደላው በዴስክ ሳይሆን በረድፍ ይቆጠር፤ ማለትም የመጀመሪያው ዴስክ 1፣ 2፣ 1 ከያዘ ከመተላለፊያው ማዶ ያለው በ2 ይጀምራል። ፈታኞች በዕለቱ እንዳይደናገሩ ወረቀቱ በዚሁ ተራ አስቀድሞ ተደርድሮ ቢሰጣቸው ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ስጋትዎ ልምጣ። ሁለቱ ስብስቦች እኩል እንዲሆኑ፣ ሙሉ ፈተና ጨርሰው ሌላ ሙሉ ፈተና ከማውጣት ይልቅ እያንዳንዱን ጥያቄ ከነመንትያው ያውጡ። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ቁጥሩን ብቻ መቀየር ነው፤ አድልዎ የሚፈጠረውም እዚያ ላይ ነው። ለምሳሌ በመጀመሪያው ስብስብ x² − 5x + 6 = 0 የሚለውን እኩልታ አስቀመጡ እንበል። መንትያውን x² − x − 6 = 0 ቢያደርጉት ከሥሮቹ አንዱ አሉታዊ ስለሚሆን፣ ፋክተር ማድረግ የሚያውቀው ተማሪ እንኳ ምልክት ላይ ይሳሳታል፤ ያ ሌላ ችሎታን የሚፈትን ጥያቄ ነው። x² − 7x + 12 = 0 ለዓይን ፍጹም መንትያ ይመስላል፤ ሆኖም 6 ብዜቱ የሆኑ አዎንታዊ ጥንዶች 1 እና 6፣ 2 እና 3 ብቻ ሲሆኑ፣ ለ12 ግን 1 እና 12፣ 2 እና 6፣ 3 እና 4 አሉና ተማሪው የሚሞክረው ነገር ይበዛል። x² − 7x + 10 = 0 ግን እንደ መጀመሪያው ሁለት ጥንድ ብቻ አለው፤ ሥሮቹም 2 እና 5፣ ሁለቱም አዎንታዊ ናቸው። እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

አማራጮቹም እንዲሁ መንትያ ይሁኑ። በመጀመሪያው ላይ ምልክት ለሚስት ተማሪ −2 እና −3፣ ድምሩን ለማያረጋግጥ ደግሞ 1 እና 6 የሚሉ የተሳሳቱ አማራጮች ካስቀመጡ፣ በሁለተኛው ላይ −2 እና −5፣ እንዲሁም 1 እና 10 መኖር አለባቸው። አንዱ ስብስብ አሳሳች አማራጭ ይዞ ሌላው ማንም የማይመርጠው ዓይነት አማራጭ ከያዘ፣ ጥያቄው ተመሳሳይ ቢሆንም ክብደቱ ይለያያል። ትክክለኛው መልስ ግን በሁለቱ ስብስቦች በተለያየ ፊደል ላይ ይዋል፤ አለበለዚያ ፊደሉን ብቻ ያየ ተማሪ ጥያቄውን ሳያነብ ያገኘዋል።

በቃል ጥያቄም ሕጉ ያው ነው። አንድ ነጋዴ ጤፍ በ8,000 ብር ገዝቶ በ9,200 ሸጠ፣ ትርፉ ስንት በመቶ ነው የሚለው መልሱ 15 ነው። መንትያውን በ5,000 ገዝቶ በ6,000 ሸጠ ካሉት፣ አንድ አምስተኛ መሆኑን ተማሪው በቃሉ ይደርስበታል። በ6,000 ገዝቶ በ8,100 ሸጠ የሚለው ግን 35 ስለሚሰጥ ስሌቱ ከመጀመሪያው ጋር ይቀራረባል።

ቅደም ተከተሉን ሲቀይሩ ከባዱ ጥያቄ መጀመሪያ ላይ የወደቀበት ተማሪ ጊዜውንም ወኔውንም ስለሚያጣ፣ ፈተናውን ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ብለው በሦስት ክፍል ይለዩና በየክፍሉ ውስጥ ብቻ ያቀያይሩ። «ሁሉም መልስ ናቸው» ዓይነት አማራጭ ቦታው ሲቀየር ትርጉም ስለሚያጣ ባይኖር ይመረጣል።

ይህ ሁሉ ከፈተናው በፊት የሚደረግ ግምት ነው፤ እኩል መሆናቸውን የሚያሳየው ውጤቱ ነው። ለዚህም ተማሪዎቹ በስም ዝርዝር ተራ ተቀምጠው ኮዱ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ተፈራርቆ መታደል አለበት። ለአንዱ ሴክሽን ኮድ 1፣ ለሌላው ኮድ 2 ከተሰጠ፣ ወይም ኮዱ በጠዋትና በከሰዓት ፈረቃ ከተከፈለ፣ የውጤቱ ልዩነት ከፈተናው ይምጣ ከተማሪዎቹ መለየት አይቻልም።

እርማቱ ሲያልቅ ለእያንዳንዱ የጥያቄ ጥንድ በየስብስቡ ስንት ተማሪ እንዳገኘው ይቁጠሩ። በእርስዎ አዳራሽ በአንድ ስብስብ 120 ገደማ ተማሪ ይፈተናል። በዚህ ቁጥር እስከ 15 ወይም 16 ተማሪ የሚደርስ ልዩነት በአጋጣሚ ሊመጣ ስለሚችል ብዙ አያስጨንቅም። ነገር ግን አንዱን ጥያቄ 83፣ መንትያውን 58 ተማሪ ካገኘው ልዩነቱ 25 ነውና ጥያቄውን እንደገና ይመርምሩት፤ የትየባ ስሕተት፣ ሁለት መልስ ወይም ከላይ እንዳልኩት የምልክት ጣጣ ሊያገኙበት ይችላሉ። እንዲህ ያለውን ጥንድ ከሁለቱም ስብስቦች ሰርዞ በቀሪዎቹ ማረም፣ ለአንዱ ወገን ብቻ ነጥብ ከመስጠት የተሻለ ይመስለኛል።

የተበላሸ ጥያቄ ሳይኖር አማካዩ ራሱ ከተራራቀ ግን፣ ለምሳሌ ከ30 አንዱ ስብስብ 17፣ ሌላው 14.5 ካመጣ፣ የ2.5 ልዩነቱን ከባዱን ስብስብ ለተፈተኑት ሁሉ መደመር ተገቢ ነው። የአንድ ነጥብ ልዩነት በዚህ የተማሪ ብዛት በአጋጣሚም ስለሚመጣ እኔ አልነካውም። ድምሩ ከ30 እንዳያልፍ ደግሞ ይጠንቀቁ።

ኮዱን በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ያሳትሙ፤ በመልስ ወረቀቱም ላይ ፈታኙ ዞሮ ያረጋግጥ። ኮዱን ያልጻፈ ተማሪ ካጋጠመዎት በአራቱም የመልስ ቁልፍ ያርሙት፤ ጎበዝ ከሆነ በራሱ ቁልፍ 20 እና ከዚያ በላይ አምጥቶ በሌሎቹ 7 ወይም 8 አካባቢ ስለሚቀር ወዲያው ይለያል። የደካማ ተማሪ ወረቀት ግን በአራቱም ቁልፍ ተቀራራቢ ውጤት ስለሚሰጥ በዚህ መንገድ አይታወቅም፤ ስለዚህ የጥያቄ ወረቀቱም ስሙ ተጽፎበት ከመልሱ ጋር ይሰብሰብ።