የጥያቄው ዐረፍተ ነገር ዕውቀቱን እንዳይሸፍን

«ተማሪዎቼ በቃል ስጠይቃቸው ይመልሳሉ፣ በጽሑፍ ግን ያንኑ ይስታሉ። ጥያቄውን እንዴት ላቅልለው?»

ሁኔታውን ከጥያቄው ለይተህ፣ በአጫጭር ዐረፍተ ነገሮች አስቀድመው። ይህን ተመልከት፦

«እኩል መጠን ተቀድቶባቸው ፀሐይ ላይ ከተቀመጡ፣ የአፋቸው ስፋት ከሚለያይ ሁለት ዕቃዎች ውሃው ቀድሞ የማይደርቀው የትኛው ነው?»

እንዲህ ጻፈው፦

«ሁለት ዕቃዎች አሉ። የአንዱ አፍ ሰፊ፣ የሌላው ጠባብ ነው። በሁለቱም እኩል ውሃ ቀድተን ፀሐይ ላይ አስቀመጥናቸው። የየትኛው ውሃ ቀድሞ ይደርቃል? ለምን?»

አሉታው ወጣ፤ ሳይንሱ ግን አልቀለለም።

ለመፈተሽ፣ ተማሪው ከመመለሱ በፊት የተጠየቀውን በራሱ አነጋገር ይንገርህ። ካቃተው ችግሩ ከዐረፍተ ነገሩ ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፤ ያስተማርከውን ቃል አታውጣ። «ትነት» የሚለውን ማወቁን የምትለካ ከሆነ ቃሉ ይቆይ። ስታብራራም «ብዙ አየር የሚነካው ሰፊው ዕቃ» ብለህ መልሱን አትስጥ፤ ይህን ስሕተት በብዙ ፈተናዎች አይቻለሁ።