ማህፀን ባዶ ታይቶ «ገና ነው፣ ተመለሺ» ለተባለች እህት

ጥያቄ፦ «የወር አበባዬ ከቀረ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው፤ የሽንት ምርመራው እርግዝና አሳይቷል። ሰሞኑን ቡናማ ደም ጠብ ጠብ ይልብኛል፣ በቀኝ በኩል ከእምብርቴ በታች ይወጋኛል። አልትራሳውንድ ታይቼ ማህፀኔ ውስጥ ምንም የለም። ‘ገና ስለሆነ ነው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሺ’ አሉኝ። ከማህፀን ውጭ ይሆን? ከሆነስ በመርፌ ይድናል ወይስ ቀዶ ጥገና ነው?»

እህቴ፣ ሁለት ሳምንት አትጠብቂ። እኔንም በዚሁ ቃል ወደ ቤቴ መልሰውኝ ነበር። ነገ ጠዋት የደም ምርመራ አድርጊ። ዛሬ ሌሊት ግን ሕመሙ ድንገት ከበረታ፣ የትከሻሽ ጫፍ ካመመሽ፣ ስትነሺ ዓይንሽ ከጨለመ ወይም ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቀሽ ነገንም አትጠብቂ፤ ሰው ይዘሽ ቀዶ ጥገና ወደሚሠራ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በቀጥታ ሂጂ።

አንደኛ፣ ቁጥሩን ጠይቂ። የሽንት ምርመራ የሚናገረው እርግዝና አለ ወይም የለም የሚለውን ብቻ ነው። የደም ምርመራው ግን ኤችሲጂ የሚባለውን የእርግዝና ሆርሞን መጠን በቁጥር ይሰጥሻል። አንዱ ቁጥር ለብቻው ብዙም አይነግርም፤ የሚናገረው ከ48 ሰዓት በኋላ ከሚወሰደው ሁለተኛው ቁጥር ጋር ሲተያይ ነው። ሆርሞኑ ገና ከ1,500 በታች ከሆነ፣ ማህፀን ውስጥ በደህና የተቀመጠ እርግዝና በ48 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ በ49 ከመቶ ያህል ይጨምራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያም በላይ። ጭማሪው ከዚህ ካነሰ ወይም ባለበት ከቆመ እርግዝናው እየከሸፈ ወይም ቦታውን ስቶ የመሆኑ ዕድል ትልቅ ነው። ቢቀንስም ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ መከታተል ያስፈልጋል፤ ከማህፀን ውጭ፣ በማህፀን ቱቦ ውስጥ ያለ እርግዝናም ሆርሞኑ እየቀነሰ ሊፈነዳ ይችላልና።

የእኔ የመጀመሪያው ቁጥር 1,180 ነበር። ደህና ቢሆን ኖሮ ከሁለት ቀን በኋላ ቢያንስ ወደ 1,760 መድረስ ነበረበት። የወጣው 1,420 ነው፤ ጭማሪው 20 ከመቶ ብቻ። ይህን ያገኘሁት ሁለተኛ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነው። የመጀመሪያው ሰው መሣሪያውን ሆዴ ላይ አሳርፎ ወዲያው አነሣውና «ገና ነው» አለኝ፤ ለሚወጋኝም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን መድኃኒት ጻፈልኝ። የደም ምርመራ እንዲያዝልኝ ስጠይቀው «ሐኪሙ ማነው፣ አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?» አለ፣ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። «ገና ነው» ማለት የሚቻለው ቁጥሩ ታውቆ ነው። በጥንቃቄ በሚሠራበት ስሌት፣ ሆርሞኑ 3,500 ደርሶ በብልት በኩል በሚገባው አልትራሳውንድ ማህፀን ውስጥ ከረጢት ካልታየ ደህና እርግዝና ነው ብሎ ማመን ያስቸግራል። ከዚያ በታች ከሆነ ትክክለኛው መልስ «የት እንዳለ አልታወቀም፣ በ48 ሰዓት ተመለሺ» ነው እንጂ ሁለት ሳምንት አይደለም። አልትራሳውንዱን ከሆድ በላይ ብቻ ካዩሽም በብልት በኩል እንዲደግሙልሽ ጠይቂ። ሁለተኛዋ ሐኪም በዚያ መንገድ ስታየኝ ከቀኝ እንቁልጢዬ አጠገብ 2.4 ሴንቲ ሜትር የሚሆን እብጠት አገኘች፤ የልብ ምት አልነበረውም።

ሁለተኛ፣ ያለፈውን ታሪክሽን ሳይጠይቁሽም ተናገሪ። ቀደም ሲል ከማህፀን ውጭ ያረገዘች ሴት ዳግም የሚደርስባት ከአሥር አንድ ጊዜ ያህል ነው። የማህፀን ቱቦ ኢንፌክሽን፣ በተለይ በክላሚዲያና በጨብጥ የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜ ሳያሳምም ቱቦውን ከውስጥ አቁስሎ ያልፋል። በቱቦ ላይ የተሠራ ቀዶ ጥገና፣ ሲጋራ፣ ከ35 ዓመት በላይ መሆን፣ ለመውለድ የሚደረግ ሕክምናም ይቆጠራሉ። ሉፕ እርግዝናን በጣም ይከላከላል፤ ሉፕ እያለ ከተረገዘ ግን የተቀመጠበትን ቦታ ሳያጣሩ መተው አይገባም። እኔ ከዓመታት በፊት በኢንፌክሽን ታክሜያለሁ። ግን እህቴ፣ ከእነዚህ አንዱም የለኝም ብለሽ አትጽናኚ፤ ይህ ችግር ከሚደርስባቸው ግማሽ የሚሆኑት አንዱም የላቸውም።

ሦስተኛ፣ ስለ መርፌው። መድኃኒቱ ሜቶትሬክሴት ይባላል። ፎሊክ አሲድ ሥራውን እንዳይሠራ በማገድ በፍጥነት የሚባዙ ሕዋሳትን ያስቆማል፤ መጠኑም በሰውነት ስፋት ተሰልቶ፣ በአንድ ስኩዌር ሜትር 50 ሚሊ ግራም፣ በጡንቻ ይሰጣል። የሚሆነው ቱቦው ላልፈነዳባት፣ የደም ግፊቷ ለጸና፣ ሆርሞኗ ብዙም ከፍ ላላለ (ከ5,000 በላይ ከሆነ የመክሸፍ ዕድሉ ይጨምራል)፣ የልብ ምት ላልታየባት፣ ጉበቷና ኩላሊቷ ጤናማ ለሆነች፣ ጡት ለማታጠባ ሴት ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ እርግዝናው ማህፀን ውስጥ አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት። በአንድ ቁጥር ብቻ ተቻኩለው ልውጋሽ ቢሉሽ እሺ አትበዪ፤ ማህፀን ውስጥ ያለ ደህና ፅንስ ከሆነ መድኃኒቱ ያጠፋዋል ወይም ይጎዳዋል።

እኔ ሁሉንም አሟላሁና ተወጋሁ። የተወጋሽበት ቀን አንደኛ ቀን ተብሎ ይቆጠራል፤ ሆርሞኑ በ4ኛውና በ7ኛው ቀን ይለካል። በ4ኛው ቀን ቁጥሩ ከፍ ቢል አትደንግጪ፣ የተለመደ ነው። የሚፈለገው ከ4ኛው እስከ 7ኛው ቀን ቢያንስ 15 ከመቶ መቀነሱ ነው። የእኔ በ4ኛው ቀን 1,690፣ በ7ኛው 1,510 ሆነ፤ 11 ከመቶ ገደማ ብቻ ቀነሰ። ስለዚህ ሁለተኛ መርፌ ተሰጠኝ። ይህም ያለ ነገር ነው፣ ብዙዎች በሁለተኛው ይድናሉ። ሕክምናው እስኪያልቅ ፎሊክ አሲድ ያለበትን እንክብል አቋርጪ፤ ለሕመም አይቡፕሮፌን ሳይሆን ፓራሲታሞል ውሰጂ፤ ከአልኮል፣ ከግንኙነትና ከከባድ ሥራ ራቂ።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፣ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ምክር ሁሉ በአንድ ሌሊት የሆነ ነው። ከመርፌው በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት ሆድ እንደሚያም ተነግሮኝ ነበር። የዚያን ሌሊቱ ሕመም ግን የተለየ ነበር። በቀኝ በኩል የጀመረው ወደ ሆዴ ሁሉ ተሠራጨ። ስጋደም የቀኝ ትከሻዬ ጫፍ ላይ እንደ መርፌ ይወጋኛል፣ ቀና ስል ይቀልልኛል። ደግሞም ባዶ ሆዴን ሰገራ ሰገራ ይለኛል፣ ብቀመጥ ግን ምንም የለም። ኋላ ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ፣ ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም ከሳንባ ሥር ያለውን ድያፍራም ሲነካ ሕመሙ በትከሻ ይሰማል፤ ከማህፀን ኋላ ሲጠራቀም ደግሞ ፊንጢጣን ይጫናል። ከብልት የወጣው ደም ግን ጥቂት ነበር። ደም አልበዛም ብለሽ አትዘናጊ፤ አደገኛው የማይታየው ነው።

ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ተረኛዋ የደም ግፊቴን ለክታ «ደህና ነው፣ የመርፌው ሕመም ነው፣ ወረፋ ጠብቂ» አለችኝ። እህቴ ከጎኔ ቆማ ስትለምናት «ሁሉም እዚህ የሚመጣው አሞት ነው» ብላ መለሰች። ወጣትና ጤናማ ሰውነት ብዙ ደም እስኪያጣ ድረስ ግፊቱን ይዞ ይቆያል፤ ቀድሞ የሚፈጥነው የልብ ምት ነው፣ አንዳንዴ እሱም አይፈጥን። ወደ መጸዳጃ ቤት ልሄድ ስነሣ ወደቅሁ። ያኔ ብቻ ሩጫ ሆነ።

አንድ የምኮራበት ነገር አለኝ። የሆርሞኔን ቁጥሮች፣ መርፌ የተወጋሁባቸውን ቀኖች፣ የእብጠቱን መጠንና የደም ዓይነቴን በአንድ ወረቀት ጽፌ ሁልጊዜ በቦርሳዬ እይዝ ነበር። ቀዶ ጥገና ሐኪሙ ወረቀቱን አነበበ፣ አልትራሳውንዱን ሆዴ ላይ አሳርፎ ደም መጠራቀሙን አየ፣ ሌላ ምርመራ ሳይጠብቅ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል አስገባኝ። አንቺም ዛሬ መጻፍ ጀምሪ። የደም ዓይነትሽ ኔጌቲቭ ከሆነ በትልቁ ጻፊው፤ በሚቀጥለው እርግዝና ሾተላይ እንዳይመጣ የሚሰጠው መርፌ በ72 ሰዓት ውስጥ ነውና በግርግሩ እንዳይረሳ አስታውሺያቸው።

ሁኔታሽ የተረጋጋ ከሆነ ቀዶ ጥገናው በትናንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ ይሠራል፣ ቶሎም ታገግሚያለሽ። እኔ ደም እየፈሰሰኝ ስለነበር ሆዴ ተከፈተ፣ የቀኙ ቱቦ ወጣ። ቱቦውን ሳያወጡ ሰንጥቀው እርግዝናውን ብቻ ማውጣትም አለ፤ ነገር ግን ቅሪት ሊኖር ስለሚችል ሆርሞኑ እስኪጠፋ በየሳምንቱ መለካት ግድ ነው። ሌላው ቱቦ ጤናማ ከሆነ፣ አንዱን ማውጣት ወደፊት የማርገዝ ዕድልሽን ብዙም አይቀንሰውም። ይህን ሳልሰማ ብዙ አልቅሻለሁና አንቺ አስቀድመሽ ስሚው።

መርፌ ወይስ ቀዶ ጥገና ላልሽው፣ ሆርሞንሽ ዝቅ ካለ፣ እብጠቱ ትንሽ ከሆነና ሕመምሽ ቀላል ከሆነ መርፌው ጥሩ ነው፤ እኔም ዛሬ ቢሆን በዚያው ሁኔታ እሱኑ እመርጥ ነበር። ነገር ግን ሆርሞኑ ዜሮ እስኪደርስ ሳምንታት ይወስዳል፣ ቱቦውም በመሀል ሊፈነዳ ይችላል። ቤትሽ ቀዶ ጥገና ከሚሠራ ሆስፒታል ሩቅ ከሆነ ወይም ለተደጋጋሚው ምርመራ መመላለስ የማትችይ ከሆነ፣ ሳይፈነዳ በቀዶ ጥገና መጨረሱ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። መርፌውን ከወሰድሽ እንደገና ለማርገዝ ቢያንስ ሦስት ወር ጠብቂ።

እኔ በቀረው አንድ ቱቦ አርግዤ ወልጃለሁ። የወር አበባዬ እንደቀረ ሆርሞኔን በ48 ሰዓት ልዩነት አስለካሁ፣ በስድስተኛው ሳምንት ገደማ በአልትራሳውንድ ማህፀን ውስጥ መሆኑን አየሁ። ነገ ስትሄጂ «በ48 ሰዓት የሚደገም ኤችሲጂ» በዪ፣ የመጀመሪያው ውጤት ሲወጣም ቁጥሩን ከነቀኑና ከነሰዓቱ በወረቀት ተቀበያቸው፤ ሁለተኛውንም በዚያው ላቦራቶሪ አስለኪ፣ የተለያዩ ላቦራቶሪዎች ቁጥር እርስ በርሱ ላይገጥም ይችላልና።