ዘይት ክንድሽ ላይ ከተረጨ፦ መጀመሪያ የጥርስ ሳሙናውን አስለቅቂ

«ሰላም ለዚህ ቤት። ትናንት ማታ ሳምቡሳ ስጠብስ ዘይት ክንዴ ላይ ተረጨብኝ። ጎረቤቴ ቶሎ ብላ የጥርስ ሳሙና ቀባችልኝ። ዛሬ ጠዋት ስነሳ ውሃ ቋጥሯል። ላፈንዳው ወይስ ልተወው? ምን ልቀባበት?»

እህቴ፣ እግዜር ይማርሽ። አታፈንጂው። የጥርስ ሳሙናውን ግን ዛሬውኑ አስለቅቂው። እኔ ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ ጠብሼ ነው የምተዳደረው፤ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ልክ እንዳንቺ ሆና ያየሁትን ስለማውቅ ነው በዝርዝር የምጽፍልሽ።

1ኛ. ሳሙናውን በደረቁ እንዳትፍቂው። ውሃ አፍልተሽ ለብ እስኪል አቀዝቅዢ፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ነክረሽ ላዩ ላይ ጣል አድርጊና እስኪርስ ጠብቂ። ከዚያ በጆግ ቀስ እያልሽ አፍስሺበት፣ ራሱ ይለቃል። ቆዳው የተላጠበት ቦታ ላይ ተጣብቆ እምቢ ካለሽ አትታገዪው፣ ለጤና ባለሙያ ተዪው።

2ኛ. የቋጠረው ውሃ ላይ መርፌም እሾህም እንዳይደርስ። ያ ሽፋን ከሥሩ ላለው አዲስ ቆዳ መከለያው ነው። ሲፈነዳ ጀርም የሚገባበት በር ይከፈታል። ራሱ ከፈነዳ በንጹሕ ውሃና በሳሙና ታጥቢዋለሽ እንጂ የተንጠለጠለውን ቆዳ በመቀስ አትቆርጪም።

3ኛው ውሃ ነው፤ እዚህ ላይ ነው የኛ ሰፈር ነገር የሚያንገበግበኝ። ያን ቀን እኔ ገበያ ወጥቼ ነበር። ልጅቷ ውሃ ያቀረረ ሳምቡሳ የጋለ ዘይት ውስጥ ስትጨምር ተንጣጥቶ ከእጅ አንጓዋ እስከ ክንዷ መሐል ፈጃት። ወደ ቧንቧው ስትሮጥ የግቢው ሴቶች ያዟት። «ውሃ ካስነካሽው ይቋጥራል፣ ዘይት ያቃጠለው ውሃ አይወድም» ብለው የጥርስ ሳሙና ለቀለቋት። አንዷ ደግሞ እንቁላል ሰብራ ነጩን ደረበችበት። ስመለስ ክንዷ እንደ ተለሰነ ግድግዳ ደርቆ ነበር፤ እሷም እየተንቀጠቀጠች ታለቅሳለች።

እህቴ፣ ውሃ የሚያስቋጥር ሙቀቱ ነው፣ ቧንቧው አይደለም። የፈላ ውሃ ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ የመጥበሻ ዘይት ግን 180 አካባቢ ይደርሳል፣ ቆዳ ላይም ይጣበቃል። ስለዚህ ዘይቱን ብትጠርጊውም ሙቀቱ ከቆዳው ሥር ማብሰሉን ይቀጥላል። ያንን የሚያቆመው የሚፈስ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ነው፤ እሱም ለ20 ደቂቃ ሙሉ። ነከር አድርጎ ማውጣት አይቆጠርም። ውሃ የጠፋበት ቀን ከሆነ ከጀሪካን በጆግ እየቀዱ ማፍሰስ ነው። ውሃ የሚከለከለው ለጋለው መጥበሻ ነው፣ እሳት ይነሳልና፤ ሰዎቹ ይህን ከእጅ ጋር የሚያምታቱት ይመስለኛል። በረዶም አይሆንም፣ የደም ሥሩን አኮማትሮ ቆዳውን ይብሱን ይጎዳዋል። የጥርስ ሳሙና ደግሞ ሲቀቡት ስለሚቀዘቅዝ የረዳ ይመስላል እንጂ ሙቀቱን ከሥር አፍኖ ነው የሚይዘው። ቅቤም፣ ሊጥም፣ የቡና ዱቄትም፣ ጥሬ እንቁላልም እንደዚያው ናቸው፤ ከዚያም በላይ ቁስሉን ያቆሽሻሉ።

ያንቺ ትናንት ማታ ስለሆነ አሁን 20 ደቂቃው አይጠቅምሽም። የሚረዳው ከተቃጠልሽ በ3 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሲደርስ ነው። ለሌላ ጊዜ፣ ለልጆችሽም ጭምር ያዢው። ሕፃን ሲሆን የተቃጠለውን ቦታ ብቻ ነው የምታቀዘቅዢው፤ ሌላው ሰውነቱ በብርድ ልብስ ይሸፈን፣ ቶሎ ይበርደዋልና።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ካርድ ክፍል «ተሰለፉ» አሉን። ክንዷን እያሳየኋቸው፣ ማንም ቀና ብሎ አላየም። ተራችን ሲደርስ ያገኘናት ሲስተር ሳሙናውን ለማስለቀቅ ስትፈትግ የልጅቷ ጩኸት ኮሪደሩን ሞላው። ከቃጠሎው ይልቅ ማጽዳቱ ነው የጎዳት። ሲስተሯ ደግሞ እየፈተገች እኔን ሰው ፊት ትቆጣኛለች፤ የቀባኋት እኔ እንዳልሆንኩ ብነግራትም አልሰማችኝም። በዚህ ሁሉ ላይ ደረቅ ጎዝ ቁስሉ ላይ በቀጥታ አድርጋ በፋሻ አሠረችው። በነጋታው ጎዙ ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። ብስበው ኖሮ አዲሱ ቆዳ አብሮ ይነሣ ነበር። ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ እያራስኩ፣ ጥቂት በጥቂት፣ ራሴ አላቀቅኩት። ከዚያ ወዲያ ደረቅ ጎዝ በቀጥታ አላስነካሁባትም።

አንቺም እንዲህ አድርጊ። ካጠብሽው በኋላ ምንም ሽታ የሌለው ንጹሕ ቫዝሊን በስሱ ቀቢው፤ ጣትሽን ዕቃው ውስጥ አትክተቺ፣ በንጹሕ ማንኪያ ቅጂ። ላዩ ላይ ከፋርማሲ ቫዝሊን የተነከረ ጎዝ ወይም የማይጣበቅ መሸፈኛ ጠይቀሽ አድርጊ፣ ከዚያ ፋሻውን ሳታጠብቂ እሰሪ። በየቀኑ ቀይሪው። አምባርና ሰዓት ካለሽ አሁኑኑ አውልቂ፣ ክንድ ካበጠ በኋላ አይወጣም። ሕመሙ ከከበደሽ ፓራሲታሞል በቂ ነው፤ ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊ ግራም አንድ ወይም ሁለት በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ8 ፍሬ ሳይበልጥ። የጉበት ሕመም ካለብሽ ግን መጀመሪያ ሐኪም ጠይቂ። ፋርማሲ ሄደሽ «አንቲባዮቲክ ውሰጂ» ቢሉሽ እሺ አትበዪ። እኔን አንዱ ፋርማሲ እሽግ ካፕሱል ሊሸጥልኝ ሞክሮ ነበር። ያላመረቀዘ ቀላል ቃጠሎ አያስፈልገውም፤ ሐኪም አይቶ ካዘዘ ሌላ ነገር ነው።

የቴታነስ መርፌ ግን አትርሺ። የወሊድ ክትትል ካርድሽን ፈልጊና የመጨረሻውን ተመልከቺ። 5 ዓመት ካለፈው ጤና ጣቢያ ሄደሽ ንገሪያቸው።

የልጅቷ ክንድ አሁን ጠባሳው እንኳን በደንብ ካላዩት አይታይም፤ በዚህ እኮራለሁ። ምጣዱ አጠገብ ሁልጊዜ የተሞላ ጀሪካንና ጆግ አለ። ግቢው ውስጥ ሰው ሲቃጠልም መጀመሪያ የሚጠሩት እኔን ነው።

ቤት ተቀምጦ መታከም የሚቻለው ግን ቃጠሎው ከራስሽ መዳፍ ካነሰ ነው። ከዚያ ከበለጠ፣ ፊት፣ ከአንጓ በታች ያለ እጅ፣ ከቁርጭምጭሚት በታች ያለ እግር፣ ብልት ወይም መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ፣ ቆዳው ነጭ ወይም ጥቁር ሆኖ ሲነኩት ካላመመ፣ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ወይም ሽማግሌ ከሆነ ዛሬውኑ ሂዱ። ስኳር ያለበት ሰውም እንደዚሁ። ያንቺም ቢሆን ቅላቱ በዙሪያው እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ካመጣ፣ ትኩሳት ከያዘሽ ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ ካልዳነ እንዳትቆዪ። አዲስ አበባ ከሆንሽና ከባድ ከሆነ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው። የትም ብትሄጂ ካርድ ክፍሉ ሰልፍ ላይ አትቁሚ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ገብተሽ «ዘይት ነው ያቃጠለኝ፣ ትናንት ማታ ነው፣ የጥርስ ሳሙና ተቀብቶ ነበር» በያቸው። ምን እንደተቀባ ካወቁ በምን እንደሚያጸዱት ይገባቸዋል።